ጨረቃዋን ቀድሜ የጻፍኩት የዒድ ግጥም

በመሥሪያ ቤታችን ግጥም የሚጻፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው ሲዛወር፣ ሲያገባ፣ ዘመን ሲለወጥ «እስቲ አንቺ አራት መስመር ጣል አድርጊ» ይሉኛል። እጽፋለሁ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ ሳምንቱን ሙሉ ስሞገስ እከርማለሁ። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ሙገሳ ቶሎ ይደርሳል። ስድብም እንደዚያው።

የስድቡን ነገር አልደብቅም። ነሐሴ ላይ የጎረቤቴ የጓሮ ፍሳሽ ግድግዳዬን ሲያርሰው ደሜ ፈላና ወጥቼ መንገድ ላይ ጮህኩባቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ዳቦ ጋግረው ያሳደጉ ሙስሊም እናት ናቸው። «በእርስዎ ዕድሜ ነውር አይታወቅም ወይ!» አልኳቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እየሰማ። እሳቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። በማግሥቱ ፍሳሹን አስጠረጉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በጭንቅላት ብቻ ሆነ። እኔም ኩራቴ አላስኬድ ብሎኝ ሰባት ወር ግድግዳ ተጋርተን እንደ ባዳ ኖርን። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያ ወራት ክፉኛ ከበዱኝ።

ለፍሳሽ ሽማግሌ አይላክም። ረመዳኑ ሲጋመስ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ለዒድ የምጽፈውን ግጥም ይዤ እቤታቸው ብሄድስ? ለመሥሪያ ቤቱም ለእሳቸውም የሚሆን አንድ ግጥም። በበዓል የመጣን ሰው መቼም አያባርሩም።

ጻፍኩ።

ወሩን ሙሉ ሥጋ ሲናፍቀን ከርሞ፣
ቅቤው ድስት ገባ፣ ጾሙ ዛሬ አክትሞ።

ራሴ ወደድኩትና መዝገብ ቤት ለሚሠራው የቡሬ ልጅ፣ ለሙስሊም ባልደረባዬ አሳየሁት። አንብቦ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቀ መሆኑን ያወቅኩት።

«ሥጋውን ማን ከለከለን?» አለኝ። «ማታ ማታ ስንበላ ነው የከረምነው። ቅቤ የናፈቀሽ አንቺ ነሽ!»

እውነቱን ነበር። ዒዱ የዋለው በዐቢይ ጾማችን መካከል ነው፤ ከቅቤ ከተለየሁ ሳምንታት አልፈውኝ ነበር። የራሴን ፋሲካ ጽፌ ለሰው ዒድ ልሰጥ! እሱ በትዕግሥት አስረዳኝ። እነሱ የሚጾሙት ከጎህ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ውሃም አይቀመስ። ሌሊት ለሱሑር ተነሥተው ይበላሉ፣ ማታ በተምር ያፈጥራሉ፣ ከዚያ ረጅሙ የተራዊሕ ሶላት አለ። በዒድ ጠዋት ደግሞ ለድኻ የሚሰጠው ዘካ ከሶላቱ በፊት መድረስ አለበት፤ ድኻውም በዓሉን እንዲውል። «ዋናው ግን» አለ፣ «በዚያ ቀን ሰው ይቅር ይባባላል። አፉ በሉኝ፣ አፉ ብያለሁ ይባላል።» ይህችን ጆሮዬ ቀለብ አደረጋት።

ቅቤዬን ቀድጄ ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ።

ከጎህ እስከ ማታ ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ፣
ሌሊቱን ለሱሑር ከእንቅልፍ ሲነሡ፣
ጨረቃዋ ታየች፣ ወሩንም ጨረሱ፣
ለዒድ እንኳን በቁ፣ አዲሱን ይልበሱ።

ይህኛውን ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይኼ ይገባል» አለ። የነገረኝን አንድ ነገር ግን በሥነ ሥርዓት አልሰማሁትም ነበር፦ ወሩ እንደ ጨረቃዋ መታየት ሃያ ዘጠኝ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሠላሳም ሊሆን ይችላል። የእኛ ጾም ቀኑ አስቀድሞ የተቆጠረ ስለሆነ የእነሱንም እንደዚያው ሃያ ዘጠኝ ብዬ ቆጠርኩት። በሃያ ዘጠነኛው ቀን አመሻሽ ላይ ግጥሙን ለባልደረቦቼ በሙሉ በቴሌግራም ላክሁ። በጥሩ ወረቀት የገለበጥኩትን ደግሞ ይዤ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

ራሳቸው ከፈቱ። ገና አላፈጠሩም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ቃል ሳልጨምር ግጥሜን ቆሜ አነበነብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ጨረቃዋን የት አየሻት?»

ምን ይዋጠኝ! ሰማዩ ጭጋግ ብቻ ነው።

«እኛም እየጠበቅናት ነው» አሉ። «ካልታየች ነገም እንጾማለን።»

ስልኬ እጄ ላይ ይንጫጫል። ባልደረባዬ ነው፦ «ኧረ ቆይ እንጂ! ዒድ ያወጅሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» ከሥሩ የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቁን ደርድሮታል። ፊቴ ጋለ። ወደ ኋላ ስል እትዬ በሩን ሰፋ አደረጉት።

«ግቢ። ወሬውን አብረን እንስማ።»

አዛን ሲባል ሦስት ተምር ሰጡኝ። ተምርስ በእኔም ጾም አይከለከልም። እሳቸው በልተው ውሃ ተጎነጩ፣ እኔም በላሁ። ሁለት ጾመኛ አንድ ሰሐን ላይ ተገናኘን ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ተናገረ፦ ጨረቃ አልታየችም፣ ጾሙ ሠላሳ ይሞላል።

ለመሄድ ስነሣ ነገሩን ሳላነሣው ማለፍ አልሆነልኝም። «እትዬ፣ ያን ዕለት አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። ተምሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እኔን የከፋኝ ቃሉ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ቃል ይረሳል። የሰማው ሰው ብዛት ነው። እስከ ዛሬ ዳቦ ልገዛ የሚመጣው ሁሉ ያን የሚያስታውስ ይመስለኛል።»

ወረቀቴን መልሼ ይዤ ወጣሁ። እሳቸውም አላስቀሩኝም።

ያቺ ያልታየች ጨረቃ አንድ ቀን ጨመረችልኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራዬን ትቼ መስመር ስለቅም ዋልኩ። ጓዳ ገብቶ ይቅርታ መጠየቅ የልብስ ማጠቢያ ውሃ አንድ ጥግ ደፍቶ እንደ መሄድ ነው፤ ስድቡ የተነገረው መንገድ ላይ ነበር። ፈራሁ፣ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የዒድ ጠዋት ሕዝቡ በተክቢራ «አላሁ አክበር» እያለ ወደ ሶላት ሜዳው ወረደ። ሲመለሱ በሄዱበት መንገድ አይመለሱም፤ ደንባቸው ነው። የመመለሻቸው መንገድ በእኛ በር እንደሚያልፍ ጠይቄ አውቄያለሁ። እትዬ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ብቅ ሲሉ መንገዱ መሃል ቆምኩ። ክርስቲያኑም እንኳን አደረሳችሁ ሊል በየበሩ ወጥቷል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ፤ ሦስተኛውን መስመር «ሠላሳውን ሞልተው፣ ወሩንም ጨረሱ» ብዬ አርሜዋለሁ። ሰው አጨበጨበ። ያላለቀ መሆኑን በእጄ አሳየሁና ቀጠልኩ፦

በሰው ፊት በደልኩ፣ በሰው ፊት ቆሜያለሁ፣
አፉ ይበሉኝ ዛሬ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ።

እትዬ ዙሪያቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ ሰው መስማቱን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አሉ፣ ከእኔ ይበልጥ ጮክ ብለው። ከዚያ አቅፈውኝ በጆሮዬ፣ «ቂም ይዤ ሠላሳ ቀን ጾምኩ። ይቀበለኝ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት» አሉኝ። እኔ የራሴን ክብደት ብቻ ስቆጥር ከርሜ! አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ቤት ሲያስገቡኝ ከሥጋው ራቅ ብሎ በአዲስ ድስት የምስር ወጥ፣ የሽሮ ወጥ፣ ጎመን ተቀምጧል፤ ሁሉም በዘይት።

«ይኼ ሁሉ መቼ ተሠራ?» አልኳቸው።

«ትናንት ማታ።»

«ባልመጣስ?»

እጃቸውን ታጥበው ቁጭ አሉና እንጀራውን ወደ እኔ ገፉት።

«በጓሮው ግድግዳ ላይ አሻግሬ አቀብልሽ ነበር» አሉ።