ቀልድ ለሁለተኛው መልስ

ወንድሜ ሰማታር ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ከአሱር ሶላት በፊት ድሬ፣ መጋላ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ልቡ ነው ተባለ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ የሰው ሞት በአንድ መስመር ይሰፍራል፤ የእሱን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ግን የሚያሰፍር ቅጽ ስለሌለ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰማታር ወጣትነቱን ጅቡቲ መስመር ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ አሳለፈ። ጀርባው ሲታመም አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ይዞ ከተማ ገባ። መሪውን ለሹፌሩ ለሙመድ ሰጥቶ ራሱ ከግቢው በር አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ወንበር አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ስልክ መመለስ ሆነ። መኪና የሚፈልግ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ይጽፍለታል፤ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ መልካ ጀብዱ ደርሶ መልስ። ትልቋ ደንበኛው ቱሪያ ነበረች፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ መስመር ተቆጣጣሪ። ከመጋላና ከአካባቢው የሚወጡትን ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልሰው ሙመድ ነው። ሚኒባሷ የምትኖረው በዚህ መስመር ነው። ሠርጉና ለቅሶው ለጎማም አይበቃም።

ድሬ ውስጥ ሰላምታ ብዙ ጊዜ በቀልድ ነው የሚመለሰው። «ሰላም ነው?» ስትለው «አንተ እስክትመጣ ሰላም ነበር» የሚልህ ሰው አይጠላህም። ሰማታር በዚህ የታወቀ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የእሱን መልስ ለመስማት ብቻ ዞሮ በኒሙ ሥር የሚያልፍ ሰው ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ፦

«ናያ ካውሰር! አንቺ እኮ ሰው ሰላም ሲልሽ ቁጥርና ቀን ሰጥተሽ ፋይል ውስጥ ነው የምትከቺው» ይለኝ ነበር።

«አንተ ደግሞ ሰው ሰላም ሲልህ ታባርረዋለህ» እለው ነበር።

«አባርሬው የቀረ ሰው አለ?»

ከለቅሶው በኋላ ስልኩ እኔ ዘንድ መጣ። ባለቤቱ ኑርሀን ኢዳዋ ላይ ነበረች፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት አትወጣም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥርም ታለቅሳለች። «መኪናዋን አልሸጥም፤ እሱ በእጁ ያጠባት ነገር ናት። አንቺ መልሺልኝ፤ ሰው እንዳይሸሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከሥራ በፊትና በምሳ ሰዓት እመልሳለሁ፤ ቀን ላይም ጠረጴዛዬ ላይ ድምፁን አጥፍቼ አስቀምጠዋለሁ።

ሰኔ 17 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከቱሪያ መልእክት ገባ።

«ሰላም።»

ሌላ ምንም የለውም። እኔ ደግሞ ሰው እንዳይሸሽ ተብያለሁ። የቱሪያንና የሰማታርን መልእክቶች ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረግኩ፤ በሣቅ የተሞሉ ናቸው። ከሁሉ የሚደጋገመውን መልሱን አገኘሁና እንዳለ ጻፍኩት።

«ሰላም ከሆንሽማ ለምን ጻፍሽ?»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ታዩ። እየጻፈች መሆኗን ስልኩ አሳየኝ፤ አቆመች። እንደገና ጀመረች፤ አቆመች። ከዚያ ምንም የለም።

በማግስቱ ከሰዓት ሙመድ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣ። ሙመድ ደረጃ የሚወጣ ሰው አይደለም።

«ወላሎ» አለኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው፣ በወንድሜ ምክንያት ሁሌም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ቱሪያ የፋብሪካውን ልጆች ሌላ መኪና እየፈለግኩላችሁ ነው ብላቸዋለች። ከሰኞ ጀምሮ። ምን ብለሽ ነው የመለስሽላት?»

ስልኩን ሰጠሁት። አንብቦ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«አቦ ካውሰር! ይኼን?»

«የእሱ መልስ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፎላታል፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ወላሂ እሱም ለዚህች ሰላም አይጽፈውም።»

«በምን ታውቃለህ?»

«እኔ ሹፌር ነኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። እዪው እንጂ!» ብሎ ወረደ።

ከሰኞ በፊት አራት ቀን ነበረኝ። ቱሪያ ከሄደች ኑርሀን መኪናዋን መሸጧ አይቀርም። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የቱሪያንና የእሱን የዐሥራ አራት ወር መልእክት ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ አነበብኩ፤ በእያንዳንዱ ሰላምታ ፊት ሰዓቱን፣ ርዝመቱን፣ አብሮት የመጣውንና የእሱን መልስ በወረቀት አሰፈርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ድሬ ውስጥ ቀኑ ለሁለት ይከፈላል። ጠዋት ሥራ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ከበርጫው ጋር ይቀመጣል፣ ጨዋታው ይደራል። የቱሪያ የጨዋታ ሰላምታዎች ሁሉ የመጡት ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በእረፍቷ ላይ ነው። ጠዋት የሚመጣው ሰላምታዋ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ትርጉሙም «ሙመድ የት ደረሰ?» ነው፤ እሱም ሳይቀልድ «ዑመር ኬላ አልፏል፣ አምስት ደቂቃ» ይላታል። አራት ሰዓት ላይ የተጻፈ ሰላምታ ግን ከእኔው ቀን በቀር አንድም የለም።

ቀጥሎ ቅርጹን አየሁ። ስትጫወት «ሰላምምም ያ ሰማታር» ትላለች፤ ስሙን ትጠራለች፣ ፊደሉን ትጎትታለች፣ ራሷ ነገር ትለኩሳለች፦ «ሹፌርህ ዛሬም ከአልጋው ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው?» እንዲህ ያለ ሰላምታ ቀልድ ይዞ ይመጣል፤ በቀልድ ካልተመለሰለት ቅር ይለዋል። አንድ ቀን ሰማታር ደክሞት ይሁን አላውቅም ለእንዲህ ያለው «ሰላም፣ ምን ፈለግሽ?» ብሎ መልሶላት «ተጣላን እንዴ?» ብላዋለች።

ደረቁ «ሰላም።» በዐሥራ አራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ መጥቷል። አንዴ ልጇ ታሞ ነበር። አንዴ ከሠራተኞቹ አንዷ ሙመድ ሬዲዮ ያስጮሃል ብላ ከስሳ ነበር። በሦስተኛው ምንም አልነበረም፤ እጇ ሥራ ይዞ ነው ያሳጠረችው። ሰማታር ሦስቱንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ አውቃለሁም አላለም። ለሦስቱም የመለሰው አንድ ነው፦ «ወዓለይኩም ሰላም ቱሪያ። ደህና ነሽ? ምን ላግዝ?» በሦስተኛው እሷ «ደህና ነኝ፣ ቸኩዬ ነው» ካለች በኋላ ነው «እኔማ በአራት ነጥቡ ደንግጬ ውሃ ልጠጣ ነበር» ያለው። ቀልዱን አልተወውም፤ ለሁለተኛው መልስ ነው ያቆየው። ሰላምታው ጨዋታ ከሆነ አንድ ዙር መዘግየቱ ምንም አይጎዳውም። ችግር ከሆነ ግን ያ ዙር በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ስልኩ ላይ ወዳሉት የሌሎች ደንበኞች የቀድሞ መልእክቶች ስመለስ ዘነበች የምትባል አስተማሪ አገኘሁ። አታውቀውም፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ በአክብሮት ነው የጀመረችው። እሱ «እንቅልፍ ካለበት አገር ነው የምትጽፊው? እዚህ ሙቀቱ ማንን ያስተኛል!» አላት። ከሰዓታት በኋላ «የጻፍኩት ስለ መኪና ነበር» አለችው። የመለሰውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ «ይቅርታ እህቴ፣ ቀልዱ ቦታው አልነበረም። መኪናው አለ። ለስንት ሰው ነው?» ሰበብ አልደረደረም፤ ስቀልድ ነው፣ ደግሞ እንዴት አልገባሽም አላለም። ተማሪዎቿን ለጉብኝት በዚያው መኪና ወሰደች። ከዚያ ወዲያ ለማያውቀው ሰው በመጀመሪያው መልስ ሲቀልድ አላገኘሁትም። ለሚያውቃቸውም ቢሆን የሚቀልደው በራሱ፣ በመኪናዋ ወይም በምስኪኑ ሙመድ ነው፤ ቀልዱን ብታወጣው መልሱ ባዶውን አይቀርም።

እኔ የላክሁት ግን ከቀልዱ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ብታወጣው «ለምን ጻፍሽ?» ብቻ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር የቀረኝ መሰለኝ። የራሴን ስልክ አንሥቼ የእሱን ገጽ ከፈትኩ፤ ቱሪያ እንደምታየው ማለት ነው። ሰማታር ኒሙ ሥር ተቀምጦ፣ አንዱን ዐይኑን ለፀሐይ ጨፍኖ ይሥቃል። ከሥሩ ስሙ። በቱሪያ ስልክ ላይ ደግሞ ከስሙ ሥር የእኔ መልስ አለ፣ በእሱ ቃል።

ከሞተ በአርባ አንደኛው ቀን ነው የጻፍኩላት። ማን ሰላም እንዳለኝ መርምሬ ማን ሆኜ እንደምመልስ አላየሁም ነበር።

ማታውኑ ኑርሀን ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውንና ስሙን መለወጥ አለብን ስላት ፊቷን አዞረች።

«እንደገና ልትቀብሪው ነው?»

«ቱሪያ የሞተ ሰው ነው የቀለደብኝ ብላ ነው የምትሸሸው፣ ኑርሀን።»

 ስልኩን ከእጄ ወስዳ ፎቶውን ራሷ አወጣችው፤ በምትኩ ሰማያዊዋን ሚኒባስ አደረገች። ስሙን «ካውሰር፣ የሰማታር እህት» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሐሙስ፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ ይህን ላክሁላት፦

«ወዓለይኩም ሰላም ቱሪያ። የምጽፈው እኔ ካውሰር፣ የሰማታር እህት ነኝ። የማክሰኞው ቀልድ ቦታው አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መኪናው እንደ ወትሮው ነው። ምን ልትጠይቂ ነበር?»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድምፅ ላከች። ከኋላዋ የማሽን ጩኸት ይሰማል።

«አቦ ካውሰር፣ አስለቀስሽኝ እኮ። ማክሰኞ የእሱን ፎቶ ሳይ መጻፍ ጀምሬ ሰረዝኩት። መኪናው ይቀጥላል ወይስ ትሸጡታላችሁ ብዬ ልጠይቅ ነበር። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስለ መኪና ይጠየቃል? አፍሬ ሰላም ብዬ ቆየሁ። አንቺ ደግሞ ለምን ጻፍሽ አልሽኝ። በቃ፣ አትጠይቁን ነው ብዬ ተረዳሁት።»

ተቀይማ ሳይሆን አፍራ ነው ያሳጠረችው። ይህ ከሦስቱ የተለየ አራተኛ ነው፤ በሰንጠረዤ ላይ አልነበረም። ግን «ምን ላግዝ?» ለእሱም ይሠራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዐሥራ ሁለቱም ሠራተኞች በሰማያዊዋ መኪና ሄዱ።

ነሐሴ 7 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኑርሀን ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠን ስልኩ በራ።

«ሰላምምም ካውሰር! ሙመድ ዛሬ በመኪና ነው በአህያ የሚመጣው?»

ሰዓቱን አየሁ። ፊደሉ ተጎትቷል። ስሜን ጠርታለች። ነገሩን የለኮሰችው ራሷ ናት። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩና ሦስተኛውን ላክሁ፦

«ሰላም ቱሪያዬ። በመኪና ነው፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ይደርሳል። አህያዋ ማመልከቻ አስገብታለች፤ ፋይል ከፍቼላታለሁ።»

የሣቅ ምልክት ደርድራ ላከች። ኑርሀን ስልኩን ከእጄ ወስዳ አነበበች፤ ከግንቦት ወዲህ ስትሥቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

«እሱ ቢሆን እኮ ፋይል አይልም ነበር» አለች ዐይኗን በሻርፗ እየጠረገች።

«አይልም» አልኳት።