ዜሮ የተሰጠው ዘጠኝ ዓመት

ከሚሴ ከተማ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ አመልካቾችን ስናወዳድር የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ለትምህርት፣ ለብቃት ማረጋገጫና ለሥራ ልምድ ነጥብ እንሰጣለን። ባቲ ከተማ በአንድ የልማት ማኅበር ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት በትምህርቱም በብቃት ማረጋገጫውም ሙሉ ነጥብ አገኘች። የልምድ ደብዳቤዋ ላይ ግን የሥራ ግብር መከፈሉ አልተገለጸም። በማስታወቂያው መሠረት ደግሞ ከመንግሥት ውጭ የተሠራ ልምድ ያለዚያ አይያዝም። ሰብሳቢው "ዜሮ" አለ፤ እኔም ጻፍኩ።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"ጋሼ፣ ወላሂ፣ ግብሩን በየወሩ ይቆርጡብኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

እኔ ነኝ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፤ ማኅበሩ ሊዘጋ ሲል ደብዳቤውን በጥድፊያ ጽፌ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ዜሮውን ስጽፍ ፊርማዬን አይቼዋለሁ። ለኮሚቴው ግን አልተናገርኩም።

ይባስ ብዬ ተቆጣኋት። "ከማስገባትሽ በፊት አታነቢውም ነበር? አሁንማ ምዝገባው ተዘግቷል!"

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"አንብቤዋለሁ" አለች። "እርስዎ ስለጻፉት የሚጎድለው ነገር ያለ አልመሰለኝም።"