ሰባት ለስድስት

እትዬ የሻረግን በደንብ ያላወቃቸው ሰው ስማቸው ሲነሳ «ግትር ነበሩ» ይላል። ነበሩ እንጂ! ግትር ባይሆኑ ኖሮ እኔ ዛሬ የማወራው ነገር ባልኖረኝ። ስለዚያ ጨዋታ ሊከራከረኝ የሚፈልግም ካለ ይምጣ፤ ውጤቱን በጠመኔ የጻፍኩት እኔ አምሳለ ነኝ።

ዳንግላ የመጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ በቅርቡ የወጡ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይለይ የስፖርት አስተማሪ። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ስምንት ብቻ ነበርን። ሐሙስ ሐሙስ ወንዶቹ ሜዳ ሲወጡ እኛ ጥልፍ እንጠልፋለን። እትዬ የሻረግ ይህን ሲያዩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው ስድስት ሐሙስ ጠየቁ። ጠየቁ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ጠረጴዛው ፊት ቆመው አልወጣም ነው ያሉት። ዳይሬክተሩም በመጨረሻ ሰለቻቸው።

«እሺ፣ አምስቱን አስተምሪ፤ በስድስተኛው ወላጆች ባሉበት ታሳያለሽ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከወደዱት ሐሙሱ የሴቶቹ ይሆናል። ካልወደዱት ወደ መርፌያቸው ይመለሳሉ» አሉ።

ሰብሳቢው ግራዝማች ገብረ ማርያም ነበሩ። ልጃቸው ውዴ የእኛው ጓደኛ ናት፤ ወንድሟ አዝመራውም እዚያው ክፍል ይማራል።

የእጅ ኳስ ሲጫወቱ ያየ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም። የመጀመሪያው ሐሙስ ኳሷ ገና መሬት ስትነካ ከወንዶቹ አንዱ በእግሩ ለጋት፤ ከአጥር ውጭ ፈልገን አመጣናት። እትዬ የሻረግ አልተቆጡም። እኛን በአንድ ወገን፣ ወንዶቹን በሌላው፣ ሰባት ሰባት አድርገው አቆሙን፤ ስድስት ሜዳ ላይ፣ አንድ በረኛ። እኔ ስምንተኛዋ ስለሆንኩ ተቀያሪም ውጤት ጸሐፊም ሆንኩ። ከዚያ ሕጉ መጣ፦ ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ የለም፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆም የለም፤ አንጥረው ከያዙ በኋላ እንደገና ማንጠር የለም። ወይ ታቀብላለህ፣ ወይ ትወረውራለህ። እኛም እርምጃችንን ጮክ ብለን እየቆጠርን ተለማመድን። ከዘንገና በኩል የሚመጡት ልጆች በአገውኛ ሲቆጥሩ ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ብለው «በአማርኛ!» አሉ።

«እግራቸው በሦስት ይቁምልኝ እንጂ በፈለጉት ይቁጠሩ» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ዞር ብለው ሳያዩ።

ጣጣው የመጣው ከመስመሩ ነው። ከግቡ ቋሚ ሥር ገመድ አስረው ስድስት ሜትር ለኩና እንደ ማጭድ የታጠፈ መስመር በአመድ ጣሉ፤ ከሌላኛው ቋሚም እንዲሁ፤ መሀሉን በቀጥታ መስመር አገናኙት። «ከዚህ ወዲያ ያለው መሬት የበረኛው ነው። ሌላ ሰው እግሩን አያስገባም» አሉን። እኛ የገበሬ ልጆች ነን። ድንበር ሲባል ምን እንደሆነ ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠጣነው፤ በድንበር የተነሳ ስንት ዘመድ እንደተቆራረጠ እናውቃለን። ስለዚህ መስመሩ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ሁለት ክንድ ያህል ርቀን ቀጥ! ከዚያ ርቀት የምንወረውረውን የወንዶቹ በረኛ አዝመራው እየሳቀ ይለቅመዋል።

እትዬ የሻረግ ይህን ሁለት ሐሙስ ታገሡ። በአራተኛው ግን ኳሱን ተቀብለው ሦስት ተራመዱ፣ ከመስመሩ ወዲህ ተነሥተው ዘለሉ፣ አየር ላይ እንዳሉ ወረወሩ፤ ኳሱ ከገባ በኋላ መስመሩ ውስጥ አረፉ።

«ድንበር አለፉ!» አልን።

«መሬቱ የበረኛው ነው። አየሩ ግን የማንም አይደለም። እግርሽ ከማረፉ በፊት ኳሱ ከእጅሽ ከወጣ ግብ ነው፤ አንድ ግብ አንድ ነጥብ» አሉ። ውዴ ያንን ቀን እስኪመሽ ዘለለች።

ስድስተኛው ሐሙስ ደረሰ። ሌላ የሴት ቡድን ከየት ይምጣ? ከወንዶቹ ጋር ገጠምን፤ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ። ግራዝማች በወንበር፣ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ተቀምጠዋል። እረፍት የወጣነው ሦስት ለሦስት ነው። ከእረፍት መልስ ውዴ አንድ አገባች፤ እትዬ የሻረግ ግን ፊሽካ ነፍተው ሻሩት። «ተረከዝሽ አመዱን ነክቷል። መስመሩ ራሱ የበረኛው ነው» ብለው ኳሱን ለአዝመራው ሰጡት። ግራዝማች ደስ ብሏቸው «ፍርድ ታውቃለች!» ሲሉ ሰማሁ። በዚህች ቃላቸው እስከ ዛሬ እበሽቃለሁ።

ስድስት ለስድስት ሆነን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ውዴ ኳስ ደረሳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዘለለች። ኳሱ በወንድሟ ብብት ሥር አልፎ ገባ፣ እሷ ከዚያ በኋላ አረፈች። ፊሽካ! ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ወንዶቹ ከመሀል ጀመሩ፤ ግብ ሳያገኙ ሰዓቱ አለቀ።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። እኛ አገር ሁለት ሰው ተጋጥሞ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ አይሸኝም፤ ሽማግሌ ገብቶ ያስማማል። ግራዝማችም ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ።

«መልካም ጨዋታ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ወንድምና እህት ናቸው፤ ወንዱ ልጅ በሰው ፊት ማፈር የለበትም። ያቺ የመጨረሻዋ ትቅርና ስድስት ለስድስት ይሁን። ሐሙሱም የሴቶቹ ነው።»

ዳይሬክተሩ በዓይናቸው «እሺ በይ» እያሉ እትዬ የሻረግን ይለማመጣሉ። የፈለግነው ሁሉ እጃችን ላይ ነበር። አንዲት ግብ ብቻ። እውነቴን ነው፣ እኔ በልቤ «እሺ በሉ» ብያለሁ።

«ግራዝማች፣ ተረከዟ ሲነካ ስሽርባት ፍርድ ነው አሉኝ» አሉ እትዬ የሻረግ። «ይኸኛውም ያው ፍርድ ነው። ደግሞም ግቡ የእኔ አይደለም ለእርስዎ የምሰጠው። የእሷ ነው።» ወደ ውዴ ዞሩ። «ትተይዋለሽ?»

ውዴ አባቷ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም።

«አልተውም» አለች።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው «አንቺ፣ አጥፊው!» ሲሉኝ የሰሌዳውን መጥረጊያ ጨርቅ ከኋላዬ ደበቅሁት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ፈርቼ ነበር፤ ግን አላጠፋሁም።

ሐሙሱ ተወሰደብን። እትዬ የሻረግንም ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ጥሊሊ አዛወሯቸው፤ እዚያም በደረሱ በሳምንቱ በአመድ መስመር ሲያሰምሩ ታይተዋል። እኛ ወደ መርፌያችን ተመለስን። የጥልፍ አስተማሪያችን «የትራስ ልብስ፣ የፈለጋችሁትን ጥለፉ» አለችን። ስምንታችንም ሳንመካከር ማለት ይቻላል አንድ ነገር ጠለፍን፦ ፯ ለ ፮።

የውዴ ትራስ ግራዝማች የሚደገፉበት መደብ ላይ ተቀመጠ። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፣ ቁጥሩ አይጠፋቸውም። በዓል ቀን እንግዶች በተሰበሰቡበት አንሥተው አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ውጤቱ ነው፣ አባባ።»

ትራሱን ገልብጠው ሊደገፉት ሲሉ ቆም አሉ። ውዴ በጀርባውም ጠልፋዋለች።