የክቡራን መልእክት እና የሐሙስ ወንበር

የኩላሊት እጥበት ክፍላችን የቀጠሮ ጸሐፊ እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፤ እኛ ግን የምንጠራው ክቡራን እያልን ነው። ምንም ነገር ሲጽፍ «ክቡራን ደንበኞቻችን» ሳይል እጁ አይፈታለትም። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ መበላሸቱን በሩ ላይ ሲለጥፍ እንኳን በከበረ ሰላምታ ነው የጀመረው። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፣ አንጀቴ ያላረረበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እዚህ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የግብዣ ካርድ አዘጋጅ ነበር አሉ። ከዚያ ያመጣው ከረባቱንና ያበጡ ቃላቱን ነው። ሰው ፊቱ ገርጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲመጣ እሱ «በታላቅ አክብሮት» ይለዋል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን አጻጻፉ ነው። ጠረጴዛው ላይ መስኮት የሚያክል የኮምፒውተር ስክሪን አለ፤ ለበሽተኞቹ ስልክ የሚላከውን መልእክት የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሥራውን ያደንቃል። በሽተኛው የሚያነበው መዳፍ በማትሞላ ስልክ፣ ያውም ፊደሉን አሳድጎ መሆኑ አንድም ቀን አልታየውም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የውሃ ማጣሪያችን ሞተር ተቃጠለ። ያለ ተጣራ ውሃ ማሽኖቹ ከቁም ሣጥን አይሻሉም። ጠጋኙ «ሐሙስ ማታ ነው የማደርስላችሁ» አለ። ስለዚህ የሐሙስ በሽተኞች በሙሉ ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል። ስልክ ሳነሳ ሳስቀምጥ አርፍጄ ሦስት አማራጭ አገኘሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ከድልድዩ ማዶ ባለው ማዕከል ሁለት ወንበር፣ ዓርብ ጠዋት እኛ ጋ፣ ዓርብ ከሰዓት እኛ ጋ።

ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን በልቤ የያዝኩት አባባ ለምንላቸው ጡረተኛ ሾፌር ነበር። አባባ ሰኞ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። ሐሙስንም ከዘለሉ ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀምና ትንፋሽ ይነሳቸዋል፤ ለእሳቸው ዓርብ ሩቅ ነው። ማዶ ያሉት ደግሞ «ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስም ካልላካችሁ ወንበሩን ለሌላ እንሰጣለን» ብለውኛል።

አማራጮቹን ለክቡራን ነገርኩትና «ቶሎ ላክልኝ» ብዬ ወደ በሽተኞቼ ገባሁ። ስወጣ የላከውን በስልኬ ከፈትኩት። የስልኬን ስክሪን ከላይ እስከ ታች የሞላው ሰላምታ ነው። ከሥሩ «ተጨማሪ አንብብ» ይላል። ተጫንኩት። የማዕከሉ ታሪክ መጣ፣ ሞተሩ የተገዛበት ዘመን መጣ፣ ጥልቅ ሐዘኑ መጣ። አማራጮቹን መጨረሻ ላይ በባዶ ቦታ እያራራቀ ሠንጠረዥ አድርጓቸዋል። በእሱ ስክሪን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በእኔ ስልክ ግን መስመሩ እየተሰበረ «ሐሙስ» አንድ ቦታ፣ ሰዓቱ ሌላ ቦታ፣ «ከድልድዩ ማዶ» ደግሞ ከዓርብ ሥር ወድቋል። እኔ ራሴ ያገኘሁትን አማራጭ እኔው መለየት አቃተኝ!

እሱ እቴ! ፊቱ በርቷል።

«ሲስተር፣ ሁሉም መልሰዋል። ሁሉም እሺ ብለዋል።»

«እሺ ምን?»

«እሺ... ተስማምተዋል ማለት ነዋ።»

«ሦስት ነገር አቅርበህላቸው እሺ ካሉህ በየትኛው ነው የተስማሙት? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

ትንሽ አሰበና «የመጀመሪያውን እንደመረጡ እንውሰደው» አለ። አሥራ አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ሊያስቀምጥልኝ ነው። ለዚህ ጭንቅላት ነው ከረባት የሚያስረው።

ስልኬን አወጣሁና እዚያው ፊቱ ቆሜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የነገ ሐሙስ እጥበት እዚህ የለም።
አንዱን ይምረጡ፦

1. ሐሙስ ከሰዓት፣ 8 ሰዓት
ከድልድዩ ማዶ፤ መኪና አለ
(2 ቦታ፣ ሰኞ ለቀረ ቅድሚያ)

2. ዓርብ ጠዋት፣ 1 ሰዓት፣ እዚህ

3. ዓርብ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ እዚህ

ቁጥሩን ብቻ ይላኩ፣
ዛሬ እስከ 11 ሰዓት።

ለሁሉም ከመላኬ በፊት ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ አሮጌ ስልክ ልኬ አየሁት። ሳይቆረጥ፣ ሳይታጠፍ ሙሉውን ያሳያል። ክቡራን በትከሻዬ አሻግሮ አየና እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«ሲስተር፣ ሰላምታ እንኳን የለውም እኮ! ይከፋቸዋል።»

«ይክፋቸው፤ ብቻ በሕይወት ይኑሩልኝ።»

ላክሁት። ሻይ ፈልቶ ሳይጠጣ ቁጥሮች መምጣት ጀመሩ። ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሰኞ ቀርታ የነበረች አንዲት አስተማሪ አንድ አለች። አንዱ «የትኛው ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ እሱን ደውዬ አስረዳሁት። ከአባባ ግን የመጣው እንደ ጠዋቱ «እሺ» ነው።

ደወልኩ፣ አያነሱም። ደጋግሜ ደወልኩ። ባለቤታቸው ስልክ የላቸውም። ሰዓቱ እየገፋ ነው። የክቡራንን ኮት ከመስቀያው አውርጄ ደረቱ ላይ ወረወርኩለት።

«ተነስ፣ እንሄዳለን። ያንተን ጣጣ ብቻዬን አልሸከምም።»

ታክሲ ይዘን አባባ ቤት ደረስን።

በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ናቸው። አባባ ትራስ ተደራርቦላቸው አልጋ ላይ ቀና ብለዋል፤ እግራቸው አብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚታቸውን ሰርስሯል። ስልካቸው ጎናቸው ናት፣ ድምጿ ጠፍቷል። «ይፈቅዱልኛል አባባ?» ብዬ አነሳኋት። ፊደሉ ከመጉላቱ የተነሳ በአንድ መስመር ሁለት ቃል ቢይዝ ነው። ወደ ላይ ገፋሁት። ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እሺ። ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እሺ። ወራት ሙሉ እንዲሁ ነው።

«አባባ፣ ዛሬ የላክንልዎትን አነበቡት?»

«ማንበብ ምን ያስፈልገዋል ልጄ? ከእናንተ ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ሰላምታ ነው። አክብሮ ሰላም ላለኝ ሰው ዝም አልልም፣ እሺ እለዋለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ማነው ግን የሚጽፍልኝ?»

ምላሴ ላይ የተዘጋጀ ስድብ ነበረኝ። ክቡራን ግን ቀድሞኝ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አዛውንቱ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ተባረክ። የወለድኳቸው እንኳን እንዳንተ አይጠይቁኝም።»

እንዲህ ያለ ምስጋና ለጠላቴም አልመኝለትም። ክቡራን ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ያው ልማዱ መጣበት።

«ክቡር አባታችን፣ በቅድሚያ ማዕከላችን...»

አየሁት። እንደገና ጀመረ።

«ነገ ስምንት ሰዓት፣ አባባ። ከድልድዩ ማዶ ነው የሚታጠቡት። መኪና እዚህ በር ድረስ ይመጣል።»

«ስምንት ሰዓት» አሉ አባባ፣ «እደርሳለሁ።»

ወዲያው ወደ ማዶው ማዕከል ደውዬ ስማቸውን አስመዘገብኩ፤ ወንበሩ አልተሰጠም ነበር። ባለቤታቸው በሩ ጋ እንደ ቆሙ ክቡራንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ይቺን ለመናገር ነው» አሉ፣ «ይኸን ሁሉ ወር ስትጽፍ የኖርከው?»