ድርሰቱ የሌለበት የእርማት ደብዳቤ

ከጎጃም ተመድቤ ሮቤ ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ የሐዋርያት ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ፈተና አልቆ ውጤት የምንደምርበት ሳምንት ነበር። ዝናቡ ከጎሮ ጀምሮ አልለቀቃቸውም፤ ኮታቸው ይንጠባጠባል። ከውስጥ ኪሳቸው ያወጡት ፖስታ ግን ደረቅ ነው፤ በፌስታል ጠቅልለው ነው ያመጡት።

«አማርኛ የምታስተምረው ቲቸር አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይደርሳል። መጀመሪያ የተላክሁበትን አማና ላስረክብ።»

ፖስታው መክደኛው ላይ ማኅተም ተመቶበታል። ቀደድኩት። ጎሮ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የተጻፈ ነው። ሰውየውን አንድ ክረምት ለእርማት ተሰብስበን ሳለን አውቃቸዋለሁ፤ ሥራ የሚወዱ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የአንዲት ተማሪን ድርሰት ሁለት መምህራን አርመው ውጤታቸው እጅግ ስለተራራቀ፣ እኔ ሦስተኛ አራሚ ሆኜ ውጤቱን በአኃዝና በፊደል ጽፌ እስከ ዓርብ እንድልክ ደብዳቤው ይጠይቃል። የእኔ ውጤት እንደሚጸናም ይገልጻል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው።

ድርሰቱ የለም። ፖስታውን ዘቅዝቄ አራገፍኩት፤ አሁንም የለም። ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ተማሪዋ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አይልም። በምን መስፈርት እንደሚታረም አይልም። ከአሥር ይሁን ከመቶ እንኳ አይልም።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ከጠረጴዛው ማዶ ማርክ ሊስቱን እየሞላ ነበር። ስለምጾምና ስለማስቀድስ «እማሆይ» እያለ ይጠራኛል። ደብዳቤውን ሰጠሁት።

አንብቦ ሳቀ። «ምን ያስጨንቅሻል እማሆይ፣ ግማሹን ስጪያት። ከስንትም ቢሆን ግማሽ ግማሽ ነው።»

«ሳላየው?»

«እኛ አይተን የሰጠነውን ሁሉ አየሁት እኮ፤ ሳይታይ የተሰጠ ይሻል ይሆናል።»

ሽማግሌው ሳቁን አይተው አብረው ፈገግ አሉ፤ ነገሩ ያለቀላቸው መስሏቸው ነው። «እንግዲህ ውጤቱን ጻፊልኝና ልሂድ። ልጄ ናት።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ስሟን እንኳ የማላውቃት ልጅ አባት ፊቴ ቆመዋል ማለት ነው።

«ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፋለች» አሉ፣ አሁን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «አማርኛው ብቻ ነው የያዛት። እሱም በዚች ድርሰት ምክንያት ነው። ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች። እናቷ ደግሞ ‹ከደገመች በቃ፣ ሱቃችን ትቀመጥ› ብላለች። እኔ አልፈልግም። እናቷ አንዴ ከተናገረች ግን፣ ወላሂ፣ እኔም አልመልሳትም።»

«ስንተኛ ክፍል ናት አባባ?»

«ሰባት።» ጣታቸውን ቆጠሩ። «ቆዪ፣ ሰባት ታናሿ ትሆን እንዴ? ስምንት? ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው፣ አትፍረጂብኝ።»

አልፈረድኩም። ግን የክፍሉ ነገር እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። እኔ የማርመው የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ነው፤ እጄ እሱን ለምዷል። የሰባተኛ ክፍል ልጅን በአሥረኛ ክፍል ዓይን ካየኋት ያለጥፋቷ እጥላታለሁ። ደግሞ ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ከሆነና አማርኛን በትምህርት ቤት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ከተማረች፣ ከአማርኛ አፍ ፈቺ እኩል ልትለካ አይገባም። ይህንን ሁሉ ለሽማግሌው በአጭሩ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ቁጥር አትሰጪኝም?»

«ዛሬ አልሰጥዎትም።»

«እዘኚላት እንጂ። አንቺም እንደ እህቷ ነሽ።»

«ማዘኑን አዝኛለሁ አባባ። ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብዬ መፈረም ግን በሐሰት መመስከር ነው። ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ብፈርም፣ ነገ ሌላው መጥቶ የእገሌን ልጅ ጣይልኝ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። «እሱስ ሐራም ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ደስ ሳይላቸው።

ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ጎሮ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነበረች።

«ድርሰቱ አልደረሰኝም» አልኳት።

«ደብዳቤው ወጥቷል» አለች። «ወጪ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ እያየሁት ነው።»

«ደብዳቤው ደርሶኛል። ድርሰቱን ነው።»

«አባሪ የሚል የለውም። አባሪ የሌለው ደብዳቤ ሙሉ ነው።» ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ፣ ነገ ጠዋት እንደሚገኙ ነገረችኝና ዘጋች።

በደብዳቤ ብጠይቅና መልስ ብጠብቅ ዓርብ ያልፋል፤ የውጤት ሮስተሩ ይዘጋል፤ ልጅቱም ባልተቋጨ እርማት ትወድቃለች። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችንን አስፈቅጄ ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ጎሮ ለመውረድ ተነሣሁ። ሽማግሌው ሮቤ ዘመድ ቤት አድረው መናኸሪያ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «አከም ቡልቴ፣ ባርሲስቱ» ብለው፣ እንዴት አደርሽ መምህርት ማለታቸው ነው፣ የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። የሲናናን ማሳ እስክናልፍ ታገሡ። ከዚያ አልቻሉም።

«በልብሽ ስንት አሰብሽላት?»

«ምንም።»

ደነገጡ። «ምንም ማለት ዜሮ?»

«አይ አባባ፣ ዜሮም እኮ ማርክ ነው። እሱንም አልሰጠኋትም።»

ከኋላችን የተቀመጠች እንሥራ ያቀፈች ሴት ከት ብላ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው አላነሱብኝም። ስለ አገሬ ጠየቁኝ፤ እናቴ በሕይወት መኖሯን፣ ስንት ጊዜ እንደማያት። በዓመት አንዴ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ከኪሳቸው ቴምር አውጥተው ሰጡኝ። ጾም ነው ስላቸው «ቴምር ደግሞ ምን አለበት?» አሉ። ጥሉላት እንዳልሆነ ልክ ናቸው፤ ሰዓቱ ግን ገና ነበር። ለማታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጎሮ ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። «ራስሽ መጣሽ እንዴ! ውጤቱን ብትልኪው ይበቃ ነበር።»

«የምን ውጤት? ድርሰቱ የታለ?»

መዝገብ ቤት አብረን ገባን። ያቺ ሠራተኛ ምንም ሳትሸማቀቅ የልጅቱን ፋይል ከፈተች፤ ድርሰቱ እዚያው ነው። ርዕሰ መምህሩ ከደብዳቤው ጋር በስፒል አያይዘው ሰጥተዋታል። እሷ ግን የተማሪ የፈተና ወረቀት ከግቢ አይወጣም የሚለውን ደንብ ስለምታውቅ ነቅላ ወደ ፋይሉ መለሰችው።

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

ወረቀቱን ሳነሳው ራስጌው በመቀስ ተቆርጧል። «እሱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ስሟን አይተሽ እንዳታዳዪ። ክፍሉም እዚያው መስመር ላይ ስለነበር አብሮ ሄደ። ደብዳቤውም ላይ ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው፤ በክፍሏ እንዳትታወቅ።»

«ስሟንና ክፍሏን ደብቀው አባቷን ላኩልኝ?»

በመስኮቱ አሻግረው አዩ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብለዋል። «ወደ ሮቤ የሚሄድ ታማኝ ሰው ሳጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ያኔ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

መስፈርቱን ስጠይቅ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሁለቱ መምህራን ተጠሩ። አንደኛው ወጣት፣ ሁለተኛዋ ለጡረታ የተቃረበች ሴት ናት። ምን ምን እንደሰጡ እንዳይነግሩኝ አስቀድሜ ለመንኳቸው፤ የጠየቅኳቸው በምን እንዳረሙ ብቻ ነው። እሱ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብሎ በየክፍሉ ማርክ ቆርጧል። እሷ ሐሳቡን አይታ ነው የሰጠችው። የተጻፈ መስፈርት አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም። ለካ የተጣሉት ስለ ልጅቱ አልነበረም፤ ሁለቱ የለኩት የተለያየ ነገር ነው።

«ወረቀቱ ተገልብጦ ይቀመጥ» አልኩ። «መጀመሪያ መስፈርቱን እንጻፍ።»

ክፍሉ ሰባተኛ መሆኑን፣ ልጅቱም አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የምትማር መሆኗን ርዕሰ መምህሩ አረጋገጡልኝ። ድርሰቱ ከሃያ የሚታሰብ ነው። ሦስታችን አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ስምንቱን ለሐሳብ፣ አምስቱን ለቅደም ተከተል፣ አምስቱን ለቋንቋ፣ ሁለቱን ለጽሕፈትና ለሥርዓተ ነጥብ አደረግን። ወጣቱ ቅደም ተከተሉ አነሰ ብሎ አጉረመረመ፤ መምህርቷ «አንተ ደግሞ ቤት የምትሠራ ነው የሚመስልህ» አለችው። በመጨረሻ ሁለቱም ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ይዤ ባዶ ክፍል የገባሁት። አማተብኩና ገለበጥኩት።

«የገበያ ቀን» ይላል ርዕሱ። ከገበያው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ተመልሳ ወደ ገበያው ትዘላለች፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ከአምስት ሁለት ብቻ አገኘች። ያየችውን ግን በደንብ አይታዋለች። ሐሳቡ ላይ ስድስት ሰጠኋት። ቋንቋው ሦስት፣ ጽሕፈቱ አንድ። ሁለት ጊዜ ደምሬ አሥራ ሁለት፣ በአኃዝና በፊደል፣ ጽፌ ፈረምኩ። ምን ያህል ማርክ እንደሚያሳልፋት አላውቅም ነበር፤ እንዳልጠይቅም ተጠንቅቄያለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ማርክ ሊስቱ ላይ ደመሩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተፈትቷል። አሥራ አንድ ብታገኝ ይበቃት ነበር።

ሽማግሌውን ጠርተው «አልፋለች» አሏቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ለአፍታ ግድግዳውን ተደገፉ። የርዕሰ መምህሩን እጅ ጨበጡ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ጋላቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። ቶሎ የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቆሙ።

«እኔ የምችለው ዐረብኛና የኦሮምኛውን ቁቤ ነው። የናንተን ፊደል አላነብም። ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

ውጤቱ ተመዝግቦ አልቋልና ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ። አነበብኩላቸው። አህያው፣ ጭቃው፣ የበርበሬው ተራ ሲያልፍ ወለሉን እያዩ ሰሙ። እንዲህ የሚለው ጋ ስደርስ ግን አንገታቸውን አቀኑ። «አባቴ ስኳር ሲመዝን ለደንበኛው ይጨምራል። እናቴ ስትመጣ የጨመረውን መልሶ ያነሳል። እናቴ ስትሄድ እንደገና ይጨምራል። ስለዚህ አባቴ ጋ ወረፋ አለ፣ እናቴ ጋ የለም።»

«ውሸት ነው!» አሉ። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል። «ወላሂ ውሸት ነው! ለዚህስ ስንት ቀነስሽ?»

«ለዚህማ ጨመርኩላት አባባ።»

ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ፋይል ውስጥ ይቀመጥ» አሉ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደንብ አለ ብለሻል አይደል? ከግቢ እንዳይወጣ። በተለይ እናቷ ጋ።»