የላይኛው ውሃ ነው

በቤተ ሙከራው የሚያውቃት ሁሉ ጥድፊት ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ደረጃ እየዘለለች የምትወጣን፣ ትኩስ ሻይ ጨልጣ ምላሷን የምታቃጥልን ሴት ማን በዚያ ስሟ ይጠራታል? ባሏ እንኳ ልጆቹን አስተኝቶ ሲጠብቃት «ጥድፊት መጣች?» ነው የሚለው።

ለዶክትሬት ከመመለሷ በፊት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። ዘይት ይንሳፈፋል፣ ውሃ ከታች ይቀራል ብላ ለስንቱ ልጅ ምላለች። እዚህ ስትመጣ ግን ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ፈሳሽ ገጠማት፤ ዘይት ነክ ነገር ሁሉ ይሟሟበታል፣ ነገር ግን ከውሃ ይከብዳልና ይሰምጣል። የመጀመሪያ ቀን አፈረች። ከዚያ ወዲህ «የኛው ከታች ነው» የሚል ሃይማኖት ያዘች። ሰው ከአንድ ስህተት ሲወጣ ያገኘውን እውነት ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል፤ አዲስ አማኝ ከቄሱ በላይ የሚጾመው ለዚህ ነው።

ያን ቀን በእጇ የነበረው የሥር ቅርፊት ጭማቂ የመጨረሻው ነበር። ዛፉ ለመንገድ ማስፊያ ተቆርጧል። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ካልተለካ ጥናቷ ጅራቱ እንደተቆረጠ እንሽላሊት ሊቀር ነው፤ የእንሽላሊት ጅራት እንኳ ያድጋል።

ጭማቂውን መለያ ፈነሉ ውስጥ ገለበጠች። ከላይ ክዳን፣ ከታች ቧንቧ ያለው እንኮይ መሰል ብርጭቆ ነው። የምትፈልገውን ንጥረ ነገር ከጭማቂው እንዲስብላት ዳይክሎሮሜቴን ጨመረችና ክዳኑን በመዳፏ ይዛ ገልብጣ ናጠችው፤ ቧንቧውን ከፈት ስታደርግ የታመቀው ጋዝ ፍስስ አለ።

«ቀስ፤ ቅቤ ልታወጪ ነው እንዴ?» አለ ሰባኪው። ሰባኪው የጠረጴዛ ጎረቤቷ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሁልጊዜ ጣቱን ቀስሮ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው።

«አንተ ፈነሉን ፈልገህ ነው። አንድ ትልቅ ፈነል ያለው ቤት ውስጥ ወዳጅ የለም።»

ቅቤስ በወጣ። የሥሩ ጭማቂ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያበዛ ነገር ሞልቶበታል፤ ሲናጥ ሁለቱ ፈሳሾች ተቃቅፈው አሬራ የመሰለ ድፍርስ ሆኑ። ጠበቀች፤ አልለቅ አሉ። ጨው የጠገበ ውሃ ጨመረችባቸው፤ ትንሽ ተላቀቁ። በብርጭቆ ዘንግ ቀስ አድርጋ አማሰለች። ትዕግስቷ ሲያልቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን ኢታይል አሲቴት አነሳችና ከዳይክሎሮሜቴኑ የማይተናነስ ደፋችበት። አረፋው ጸጥ አለ፤ ከመሃል ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ከላይም ቡናማ፣ ከታችም ቡናማ።

«የትኛው ነው የኛ?» አለ ሰባኪው።

«ስንት ዓመት እዚህ ተቀምጠህ ነው የምትጠይቀኝ? የታችኛው።» ቧንቧውን ከፍታ የታችኛውን ብልቃጥ ውስጥ አወረደች። «የላይኛው ውሃ ነው። ድፋና ፈነልህን ውሰድ።»

የቤቱ ሕግ ግን አንድ ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ ምንም አይደፋም። ሕጉን ለአዲስ ገቢዎች የምታነበንበው ራሷ ጥድፊት ነበረች።

ያወረደችው ላይ የቀረውን እርጥበት እንዲጠጣ ነጩን ደረቅ ጨው በማንኪያ ጣለችበት። ደረቁ ጨው እንደ በረዶ ብናኝ ተበትኖ መዞር ነበረበት። እሱ ግን ተያይዞ ተጓጎለ። ጨመረችበት፤ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ታች ላይ ተለጠፈ። ይህን ያህል የሚጠጣው ውሃ ከየት አገኘ? ከዚያ ገባት፤ ብልቃጡ ሙሉ ውሃ ነው። ቀላሉ ኢታይል አሲቴት ከከባዱ ዳይክሎሮሜቴን ጋር ተደባልቆ አቅልሎታል፣ ቀድማ የጨመረችው ጨው ደግሞ ውሃውን አክብዶታል፤ ላይና ታች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ዞር ስትል ሰባኪው ቆሻሻ ፈሳሽ በሚጠራቀምበት ጀሪካን ላይ ፈነሉን ዘቅዝቆታል።

«አቁም!» አለች። እሱም ፊቷን አይቶ ፈነሉን አቀና። ግማሽ ያህሉ ቀርቷል።

በሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ከሁለቱም ፈሳሾች ጥቂት ጥቂት አደረገችና በእያንዳንዱ ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። ከታች በወረደው ፈሳሽ ውስጥ ጠብታዋ ቤቷ እንደገባች ሁሉ ጠፋች። ፈነሉ ውስጥ በቀረው ላይ ግን እንደ ዶቃ ተንሳፍፋ ቀረች።

«አሁን እኔን ልትሰድቢኝ ነው?» አለ ሰባኪው ጀሪካኑን እያየ።

«አንተን ለምን? ድፋ ያልኩህ እኔ ነኝ። የምሰድበው አፌን ነው።»

ጀሪካኑ ውስጥ የመላው ፎቅ ጉድ አለ፤ ከዚያ የሚመለስ የለም። የተረፈውን አደረቀችው፤ በዚህ ጊዜ ጨዉ እንደ አሸዋ ዞረ። ፈሳሹን በሚሽከረከረው ማትነኛ ስታባርረው ብልቃጡ ወለል ላይ ማር የመሰለ ቀጭን ቀለበት ቀረ። ለአንድ ልኬት ይበቃል፤ ለመድገም አይበቃም። ጥናቷ ውስጥ «ልኬቱ አልተደገመም» ተብሎ ይጻፋል፤ ፈታኞቹም ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

«ምን ትያቸዋለሽ?» አለ።

«ግማሹን አፈሰስኩት እላቸዋለሁ። ከዚያ እነሱ ያፈሰሱትን እንዲያስታውሱ ትንሽ ዝም እላለሁ።»

ይህን ብላ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መለኪያው ክፍል ሄደች፤ ደረጃውን አንድ በአንድ።