በአንድ መኪና ሄደን የእኔ ሰዓት ብቻ የጎደለበት ዓመት

የዚያን ቀን በእረፍት ክፍሉ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ሱፐርቫይዘራችን ነበረች፤ የማትቆጣ፣ ግን ሳቅም የማትሰጥ ሴት። የሠራተኛ ማኅበራችን፣ የዩኒየኑ ተወካይ ነበረ፤ ማጠቢያ ክፍል የሚሠራ የኤልሳልቫዶር ሰው። ጋሼ የምንላቸው፣ ከመኪና ጭነት የሚያራግፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ስለሆነ እንዲያስተረጉሙልኝ ለምኛቸው ነው የመጡት። እኔ ነበርኩ። አምስተኛዋ ጠዋትና ማታ በመኪናዋ የምታመላልሰኝ ጓደኛዬ ናት። እሷን የጠራት የለም። ራሷ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ያልተጠራ ሰው የሚመጣው የሚፈራው ነገር ሲኖረው ነው ብዬ ይህንንም በልቤ ያዝኩባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምንሠራው ደግሞ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ላውንድሪ ውስጥ ነበር። እሷ አንሶላ መተኮሻ፣ እኔ ፎጣ ማጠፊያ ክፍል። የላውንድሪ ሥራ እንግዳን ይከተላል። በጸደይ የዛፉን አበባ ለማየት ሰው ሲጎርፍ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል፣ በጋውም እንደዚያው ነው፤ ክረምት፣ የበረዶው ወራት ሲገባ አልጋው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዩኒየኑና ድርጅቱ የተዋዋሉት በሳምንት ሳይሆን በዓመት ነበር። በዓመት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ሰዓት እንሠራለን፤ ለሃምሳ ሁለት ሳምንት ሲካፈል ሠላሳ ስድስት ይደርሳል። ብንሠራም ባንሠራም የደመወዝ ቼካችን በየሳምንቱ የሠላሳ ስድስት ሰዓት ነው። ሥራ በሚበዛባቸው ሃያ ሳምንታት አርባ ስምንት ሰዓት እንሠራና አሥራ ሁለቱ በስማችን ይቀመጣል፤ ባንክ ነበር የምንለው። ክረምት ላይ ሃያ ሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ብቻ እንሠራለን፤ የጎደለው አሥራ ሁለት ከባንኩ ይወጣል። በቀሩት ሳምንታት ልክ ሠላሳ ስድስት ስለምንሠራ የሚገባም የሚወጣም የለም። ዓመቱ የሚጀምረው በኤፕሪል ነው። በመጨረሻው ላይ የተረፈ ሰዓት ካለ እስከ አርባ ድረስ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ ከዚያ በላይ ያለው በገንዘብ ይከፈላል።

እኔ አምስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ምክንያቱ ልጄ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው ያደገው፤ ሐኪሙ ለጃንዋሪ የኦፕሬሽን ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ለሦስት ሳምንት መሬት መርገጥ የለባትም አለ። እናትና ልጅ ብቻ ነን። ሦስት ሳምንት ቤት ለመዋል ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልገኝ ቀድሜ አሰብኩ። የክረምት ሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ ሦስት ጊዜ ሰባ ሁለት። ከአምናው አርባ ተሻግሮልኛል። የቀረውን ሠላሳ ሁለት ለመሙላት በበጋው አራት ቅዳሜ ተጨማሪ ስምንት ስምንት ሰዓት ሠራሁ። ጓደኛዬም ለራሷ አብራኝ ሠራች፤ ከአምናው ያሻገረችውም እንደ እኔው አርባ ነው።

ቀሪ ሰዓታችንን ቢሮ የሚነግረን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ ወረቀቱ ታደለ። መኪና ውስጥ ገብተን እሷ የእሷን ጮክ ብላ አነበበች።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት! እሰይ፣ ዘንድሮስ ተኝቼ ነው የምከርመው። ያንቺስ?»

የበጋው ሁለት መቶ አርባ፣ የእኔ ሰባ ሁለት፣ ሲደመር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። የእኔ ወረቀት ግን ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ይላል። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ያው ነው» አልኳት።

«ያው ነው ትላለች! ምነው ታዲያ ከንፈርሽን ሰፋሽው?»

ቀበቶዬን አሰርኩ። ሁለታችንም በአንድ መኪና ገብተን በአንድ መኪና ነው የምንወጣው። አንድም ቀን እሷ ቀርታ እኔ የሄድኩበት፣ እኔ ቀርቼ እሷ የሄደችበት ጊዜ የለም። አርባ ሰዓት የት ገባ? ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ማየት ያዝኩ። ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ቆማ ስታወራ እጄ ፎጣውን እያጠፈ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ስለሚሻል ስለ እኔ የምትናገረው ራሷ ነበረች፤ ምን ብላ እንደምትናገር ግን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ጠዋት ቡና ገዝታ ሰጠችኝ። ምን ፈልጋ ይሆን ብዬ ቀዝቅዞ እስክደፋው ድረስ ይዤው ቆየሁ። ቤት ስገባ ለልጄ «ስልክ ደውላ ስለ ሥራዬ ከጠየቀችሽ ምንም እንዳትነግሪያት» እላታለሁ። ልጄም «ዋት? ሺ ኢዝ ናይስ፣ ማሚ» ትላለች። ናይስ መሆኗ ነው ያስፈራኝ።

በመጨረሻ ለዩኒየኑ ተወካይ ነገርኩ፣ እሱም ያንን ስብሰባ አስጠራ።

ሱፐርቫይዘሯ ረጋ ብላ ተናገረች፣ ጋሼ ተረጎሙልኝ። «ያንቺ ሰዓት አልተሰረቀም ትላለች። በበጋው አሥር ጊዜ ከምሳ በኋላ በፈቃድሽ ወደ ቤት ሄደሻል፤ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ተቀንሷል።»

«በፈቃዴ? እኔ? ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ መኪናው ሲሄድ ነው የሄድኩት!»

«አዎ፣ እሱን ነው የምትለው። የመተኮሻው ማሽን ሲበላሽ አንሶላ ክፍልን ድርጅቱ ራሱ አሰናበተ። ድርጅቱ ሲያሰናብት እንደሠሩ ይቆጠርላቸዋል። ፎጣ ክፍል ግን ሥራ ነበረው። አንቺ ለምን አልቀረሽም? አውቶቡስ አለ ትላለች።»

«ማን ነው በፈቃዷ ትሄዳለች ያለው?»

ጋሼ ሳይተረጉሙ ወደ በሩ አዩ። እኔም ዞርኩ። ጓደኛዬ እጇን በጭኖቿ መካከል ጨብጣ ተቀምጣለች።

«እኔ ‹ከእኔ ጋር ናት› ነው ያልኩት» አለች። «ሁልጊዜ። ሱፐርቫይዘሯ ‹ትሄዳለች ወይ?› ስትለኝ፣ ‹አዎ፣ ከእኔ ጋር ናት› እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? ጥዬሽ ልሂድ?»

በእኛ ዘንድ አብሮ የመጣ አብሮ ይመለሳል፤ አንዱን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። ቢሆንም አላመንኳትም። ለእሷ እየተቆጠረላት ለእኔ ሲቀነስ አንድ ቀን እንኳ አልሰማችም?

ያን ጊዜ የዩኒየኑ ተወካይ እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ከአሥሩ ቀናት መካከል የእንፋሎት ማፍያው የቆመባቸው ነበሩ አለ። እንፋሎት ሲቆም መተኮሻው ብቻ ሳይሆን ማድረቂያውም ይቆማል፤ የሚታጠፍ ፎጣ የለም። «እኔ ራሴ በነዚያ ቀናት ተሰናብቻለሁ፤ ለእኔ ተቆጥሮልኛል፤ ለእሷ ለምን አይቆጠርም?» አለ። ሱፐርቫይዘሯ ወጥታ ቢሮ ጠይቃ ተመለሰች። እንፋሎት የቆመባቸው ቀናት አራት ሆኑ። አሥራ ስድስት ሰዓት ተመለሰልኝ። የቀሩት ስድስት ቀናት ግን ፎጣው ሞልቶ ሳለ የወጣሁባቸው ናቸው፤ ተወካዩም በእነዚያ ላይ ውሉ አይረዳንም አለ። ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት። ልክ አንድ የክረምት ሳምንት። ልጄ ሦስት ሳምንት ትተኛለች፣ እኔ ያለኝ ሁለት ነው።

ጓደኛዬ ከወንበሯ ተነሣች። «ከእኔ ይቀነስና ለእሷ ይሰጥ። ጋሼ፣ ይንገሯት።»

ጋሼ ነገሯት፣ ሱፐርቫይዘሯም ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም ትላለች። ሰዓት እንደ ጨው አትበዳደሩትም፤ የየራሳችሁ ነው» አሉ ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በቀስታ፣ «አንቺ ግን ጓደኛሽን እንዲህ አትዪያት። ዓይንሽ ሰው ይተኩሳል» አሉኝ።

ማታ አብረን ተመለስን። ወንዙን የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቀይ መብራት በርቶ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ መርከብ እንዲያልፍ ድልድዩን ከመሃል አንሥተው ሊከፍቱት ነው። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች።

«‹ሰዓቴ እንደሚቀነስብኝ ታውቂ ነበር ወይ?› ብለሽ ጠይቂኝ» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ግን ባውቅም ‹ነይ እንሂድ› ሳልልሽ አልቀርም ነበር። እዚህ ድልድይ ላይ ብቻዬን ስቆም ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። ሰው አጠገቤ ካለ ይሻለኛል።»

 እውነት ይሁን ሰበብ ይሁን መለየት አልቻልኩም። ለቤንዚን የምሰጣት ገንዘብ ትዝ አለኝ፣ እሱን እንዳታጣ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ድልድዩ ተዘጋ፣ ሄድን።

ጃንዋሪ ደረሰ፣ ልጄ ኦፕሬሽን ሆነች፣ ሁለቱን ሳምንት አጠገቧ ነበርኩ። ለሦስተኛው ሳምንት የማውቀውን ሰው ሁሉ ለመንኩ። አስፐን ሂል ያለችው ዘመዴ የራሷ ሕፃናት ነበሯት፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም በሥራ ሰዓት የሚመቸው አልነበረም። እሑድ ማታ ጓደኛዬ ደወለች።

«ከነገ ጀምሮ ሳምንቱን ኦፍ ወስጃለሁ» አለች። «ሰዓቴን ልሰጥሽ አልችልም፤ እኔ ግን መምጣት እችላለሁ። ሃያ አራቱ ከእኔ ባንክ ነው የሚወጣው፣ ማንም ምን አገባው!»

እኔ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄድኩ ሠራሁ፣ እሷ ቤቴ ዋለች። ይህን ስል በሙሉ ልቤ አምኜ ልጄን የተውኩላት እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ስመለስ የልጄን እግር ገልጬ አየሁ፣ መድኃኒቷን ቆጠርኩ። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል።

«ምን ጠየቀችሽ?» አልኩ እሷ ከወጣች በኋላ።

«ናቲንግ። ካርታ ተጫወትን። ታታልላለች፣ ማሚ።»

«ስለ እኔስ?»

ልጄ ትንሽ አሰበች። «እናትሽ አሁንም ተቆጥታኛለች? አለችኝ። አይ ዶንት ኖው አልኳት።»

አምስቱንም ቀን መጣች። አምስቱንም ቀን በሩ ላይ «አመሰግናለሁ» አልኳት፤ ከዚያ የሚያልፍ ቃል አልወጣኝም። ልጄ በአራተኛው ሳምንት በክራንች ቆመች። ዛሬ እንደማንኛውም ሰው ትራመዳለች።

ኤፕሪል ላይ አዲሱ ዓመት ሲጀምር ጓደኛዬ ወደ አዲሱ ዓመት ያሻገረችው ሰዓት ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ግን አልተጠቀመችበትም። ፌርፋክስ ሌላ ሥራ አግኝታ ወጣች፣ የቀረውን በገንዘብ ከፈሏት። ለጥቂት ጊዜ በስልክ ተገናኘን። ከዚያ ቁጥሯ ተለወጠ። ጋሼን ስጠይቃቸው ወደ ሌላ ስቴት ሄዳለች ሲባል ሰምተው ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላወቁም፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም የሚለውን እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ልጄ ግን ስለ እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔም የምመልሰው የለኝም። በዚያ ዘመን አሌክሳንድሪያ ላውንድሪ አብራችሁን የሠራችሁ፣ ወይም በኋላ ያገኛችኋት ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን ንገሩኝ።